ቲቪው «No Signal» ሲል እናቴ ብቻዋን የምትመልስበት ባለ ትልቅ ፊደል ወረቀት

እናቴ ጅማ፣ ቦሳ ቂጦ ነው የምትኖረው፤ እኔ ሌላ ከተማ ነኝ። ማታ በዜና ሰዓት ስልኬ ሲጠራ ብዙ ጊዜ ነገሩ አንድ ነው፦ «ቲቪው ጨለመብኝ፤ ዲሹ ሳይበላሽ አልቀረም።»

ዲሹ ደህና ነው። የልጅ ልጅ በፍላሽ ፊልም አይቶ እንደነበረው ሳይመልስ ሄዷል፤ ወይም ድምፅ ልትቀንስ ስትል ጣቷ ያረፈው SOURCE የሚለው ቁልፍ ላይ ነው። ቲቪው ሪሲቨሩን ትቶ ምንም ያልተሰካበት ሌላ ቀዳዳ ላይ ሄዶ ቆሟል። አንድ ጊዜ እኔ ሳልሰማ ሠራተኛ ጠርተው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ደህናውን ዲሽ አዞረው። ከዚያ በኋላ በእርግጥም ዲሹ ተበላሸ።

ብዙዎቻችሁ ወረቀት ጽፋችሁ ሰጥታችሁ አልሠራላችሁም። የመጀመሪያው የኔ ወረቀትም አልሠራም። የቱ ጋ እንደሚሰናከል ካየሁ በኋላ እንደገና ጻፍኩት፤ አሁን ይሠራል። ከታች ያለው ለአንድ ቤት የሚሆን አዘገጃጀት ነው፦ አንድ ቲቪ፣ አንድ የዲሽ ሪሲቨር፣ ሁለት ሪሞት። በቅደም ተከተል ሂዱ፤ ወደ መጻፉ አትቸኩሉ።

## 1. መጀመሪያ ገመዱን በዓይናችሁ እዩ

ይህ በስልክ አይሆንም። እቤት ስትሄዱ ቲቪውን ከግድግዳው ትንሽ ሳብ አድርጉና ከሪሲቨሩ የሚወጣውን ገመድ በእጃችሁ እየተከተላችሁ ቲቪው ጋ ድረሱ።

አንድ ጠፍጣፋ ራስ ያለው ገመድ ከሆነ HDMI ነው። ከቀዳዳው አጠገብ HDMI 1 ወይም HDMI 2 የሚል ጽሑፍ አለ። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ራስ ያላቸው ሦስት ገመዶች ከሆኑ ደግሞ መግቢያው AV ነው፤ ቢጫው ምስሉን፣ ነጭና ቀዩ ድምፁን ይዘው ይመጣሉ።

አሁን ቲቪውንም ሪሲቨሩንም አብሩና በቲቪው ሪሞት SOURCE ተጫኑ። አንዳንዱ ሪሞት ላይ INPUT ይላል፤ አንዳንዱ ላይ ጽሑፍ የለም፣ ቀስት የሚገባበት አራት ማዕዘን ብቻ ተሥሏል። ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ዝርዝር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ምስሉ የሚመጣበትን ስም አንድ ፊደል ሳትቀይሩ ጻፉት፤ ስክሪኑ HDMI1 ካለ ወረቀቱም HDMI1 ይበል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከዝርዝሩ ውስጥ TV ወይም ATV ወይም DTV የሚል አለ። ለሽማግሌ ወላጅ ከሁሉም ትክክል የሚመስለው እሱ ነው፤ «ቲቪ አይደል የማየው?» ትላለች እናቴ። ያ መግቢያ ግን ቲቪው ራሱ በአንቴና ጣቢያ የሚቀበልበት ነው፤ በዲሽና በሪሲቨር የምታይ ቤት ውስጥ ምንም የተሰካበት ነገር የለም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «TV የሚለውን አትምረጪ» የሚል መስመር የግድ ያስፈልጋል።

## 2. ሁለቱን ሪሞቶች ለዩ

«የትኛውን ነው የያዝሽው?» «ጥቁሩን።» ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ይህን ሳታስተካክሉ የምትጽፉት ወረቀት ዋጋ የለውም።

ናስትሮ ግዙ። ቀይና ነጭ ይበቃል። የቲቪው ሪሞት ታችኛው ጫፍ ላይ ቀይ፣ የሪሲቨሩ ላይ ነጭ ጠምጥሙ። ያንኑ ቀለም ቲቪው ጥግ ላይና ሪሲቨሩ አናት ላይም ለጥፉ፤ ቀይ ለቀይ፣ ነጭ ለነጭ። ሰማያዊ አትምረጡ፤ ዓይኑ ሞራ ለጀመረው ሰው ሰማያዊ ከጥቁር ጋር ይመሳሰልበታል። ቢጫና ነጭም አብረው አይሆኑም። የሪሞቱ የላይኛው አፍንጫ ላይ ናስትሮ አታድርጉ፤ ጨረሩ የሚወጣው በዚያ ነው።

SOURCE ላይ ጠብታ አድርጉ። የጥፍር ቀለም ይበቃል። አንድ ጠብታ፣ ይደርቅ፣ ከዚያ በላዩ ሌላ ጠብታ። ሲደርቅ ጣት የምታገኘው ጉብታ ይሆናል። የእናቴ ሪሞት ላይ SOURCE የሚለው ጽሑፍ በመነካካት ብዛት ጠፍቶ ነበር፤ አሁን ሳታየው በአውራ ጣቷ ዳብሳ ታገኘዋለች። ሌላ ቁልፍ ላይ ጠብታ አትጨምሩ። ሦስት ጉብታ ካለ አንዱም ምልክት መሆኑ ይቀራል።

ወረቀቱ ላይ «ቀዩን ቁልፍ ተጫኚ» ብላችሁ አትጻፉ። ማብሪያ ማጥፊያው ብዙ ጊዜ ቀይ ነው፣ ናስትሮውም ቀይ ነው፣ ከታች በኩል ደግሞ ሌላ ቀይ ቁልፍ አለ። ቀይ ለሪሞቱ መለያ ብቻ ይሁን።

## 3. «No Signal» ያለው ማን እንደሆነ ለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ይህን ጽሑፍ ቲቪውም ሊያወጣው ይችላል፣ ሪሲቨሩም ሊያወጣው ይችላል። ቃሉ አንድ ነው፤ መፍትሔው ግን ለየብቻ ነው።

ቲቪው ሲለው የመረጠው ቀዳዳ ውስጥ ምንም የሚመጣ ነገር የለም ማለት ነው። ስክሪኑ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ሆኖ ትንሽ ሳጥን ብቻ ይታያል፤ ብዙ ቲቪ ላይ ሳጥኗ ከቦታ ቦታ ትንሳፈፋለች። ሪሲቨሩ ሲለው ግን ከቲቪው ጋር መገናኘቱን ራሱ ነገራችሁ፤ የጎደለው ከዲሹ የሚመጣው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የጣቢያው ስምና ቁጥር አብሮ ይታያል።

መለያው ቀላል ነው። በነጩ ሪሞት፣ ማለትም በሪሲቨሩ፣ OK ተጫኑ። የጣቢያ ዝርዝር ከመጣ መግቢያው ትክክል ነው፤ SOURCE መንካት አያስፈልግም። ጅማ ክረምት ላይ እንዴት እንደሚዘንብ ታውቃላችሁ። ደመናው ጥቅጥቅ ሲልና ዶፉ ሲወርድ ከሳተላይቱ የሚመጣው ሞገድ ይደክማል፣ ምስሉ መጀመሪያ ይቆራረጣል ከዚያ ይጠፋል፣ ዝናቡ ሲያባራ ራሱ ይመለሳል። በዚያ መሐል SOURCE የተጫነ ሰው አንዱን ችግር ሁለት አደረገው፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ምስል አያገኝም።

OK ተጭናችሁ ምንም ካልመጣ ግን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ ሪሲቨሩ ጠፍቷል፣ ወይ ቲቪው ሌላ መግቢያ ላይ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ከሪሲቨሩ ይጀምር። ጠፍቶ ከሆነ ትክክለኛውን መግቢያ ብትመርጥም «No Signal» ይላታል፤ ትክክለኛውን አልፋ ትሄድና ስትዞር ታመሻለች። የቤታችሁ ሪሲቨር ሲበራና ሲጠፋ ፊቱ ላይ ምን እንደሚያሳይ አጥፍታችሁ አብርታችሁ እዩ። የኛው ሲበራ የጣቢያ ቁጥር፣ ሲጠፋ ቀይ መብራት ብቻ ያሳያል። አንዳንዱ ሲጠፋ ሰዓት ያሳያል፤ ቁጥር ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰዓቱንም የጣቢያ ቁጥር ልትለው ትችላለች። ያያችሁትን ጻፉ።

## 4. የአጻጻፉ ነገር

መጠን። ኤ4 ወረቀት፣ ፊደሉ 28፣ ርዕሱ 40። በእንግሊዝኛ ለደካማ ዓይን ከ18 ጀምሮ ይበቃል ይባላል፤ የኛ ፊደል ግን በትንሽ ጭረት ነው የሚለየው። በ እና ቡ፣ ለ እና ሉ፣ ሰ እና ሸ በ18 ለደከመ ዓይን አንድ ናቸው። ወፍራም ፊደል አድርጉት። ሁለት ገጽ ቢሆን ሁለት ወረቀት ይሁን እንጂ ጀርባው ላይ አታትሙ፤ ጀርባውን ማን ይገለብጠዋል።

ላሚኔት አታስደርጉ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄዱ ያለ ጥርጥር «ላሚኔት ላድርገው?» ትባላላችሁ። የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ በአምፖል ብርሃን መስታወት ይሆናል። ካርቶን ላይ ለጥፉት፤ ሲቆሽሽ ሌላ ታትማላችሁ።

በአንድ መስመር አንድ ትእዛዝ። ከሥሩ ምን እንደምታይ ጻፉ። ሰው ትክክል መሄዱን የሚያውቀው የተባለውን ሲያይ ነው።

የመጫን ቁጥር አትጻፉ። የኔ የመጀመሪያ ወረቀት የወደቀው በዚህ ነው። «ታች ቀስቱን ሁለቴ ተጫኚ» ብዬ ነበር። ዝርዝሩ ግን ሁልጊዜ ከላይ አይጀምርም፤ ቲቪው አሁን ካለበት መግቢያ ነው የሚጀምረው። USB ላይ ከሆነ ሁለቴ መጫን ወደ አንድ ቦታ ይወስዳል፣ AV ላይ ከሆነ ወደ ሌላ። «HDMI 1 እስኪደምቅ ድረስ» በሉ።

«እጅሽን አንሺ» በሉ። መግቢያው ከተመረጠ በኋላ ስክሪኑ ለጥቂት ሰከንድ ጥቁር ይሆናል፣ ከዚያ ነው ምስሉ የሚመጣው። በዚያች መሐል እናቴ «አልሆነም» ብላ እንደገና ትጫን ነበር፤ በደረሰችበት ሰዓት ትታው ትሄድ ነበር ማለት ነው። አሁን ወረቀቱ እስከ 10 እንድትቆጥር ያዛታል።

የላቲን ፊደሉን እንደ ሥዕል አድርጉት። እናቴ አማርኛ በደንብ ታነባለች፤ HDMI ግን ለእሷ ምልክት ነው። ስለዚህ «ኤችዲኤምአይ» ብዬ በፊደላችን አልጻፍኩም፤ ስክሪኑ ላይ የምታየው እሱን አይደለምና። ያነሳሁትን የስክሪን ፎቶ ትልቅ አድርጌ አሳተምኩና HDMI 1 የሚለውን በማርከር ከበብኩት። እሷ ክብ ያለበትን ከስክሪኑ ጋር ታመሳስላለች። ወላጃችሁ ኦሮምኛን በቁቤ የሚያነብ ከሆነ ፊደሎቹን ያውቃቸዋል፤ ሌላውን በሚቀለው ቋንቋ ጻፉለት።

እኔ እናቴን «አንቺ» ነው የምላት፤ ወረቀቱም እንደኔው ያናግራታል። «እርስዎ» የምትሉ ከሆነ «ይጫኑ»፣ «ይቁጠሩ» እያላችሁ ቀይሩት። ሲያነቡት የእናንተን ድምፅ ይስሙ።

## 5. ወረቀቱ ይኸውላችሁ

የስሙንና የመብራቱን ነገር በቤታችሁ ባያችሁት ቀይሩ።

---

# ቲቪው ሲጨልም

እማዬ፣ ተቀመጪ። መነጽርሽን አድርጊ። የቤቱን መብራት አብሪ።

1. ሪሲቨሩን እዪ። ፊቱ ላይ ቁጥር አለ?

ካለ፦ ወደ 2 ሂጂ።

ቀይ መብራት ብቻ ከሆነ፦ ነጭ ያለበትን ሪሞት ያዢ። ላይኛው ጥግ ያለውን ማብሪያ አንዴ ተጫኚ። እስከ 30 ቁጠሪ። ምስል ከመጣ ጨርሰሻል።

2. በነጩ ሪሞት መሐል ላይ ያለውን OK ተጫኚ።

የጣቢያ ዝርዝር ከመጣ፦ ቀዩን ሪሞት አትንኪ። ዝናብ ካለ እስኪያባራ ጠብቂ። ዝናብ ከሌለ ደውዪልኝ።

ምንም ካልመጣ፦ ወደ 3 ሂጂ።

3. ነጩን ሪሞት አስቀምጪ። ቀይ ያለበትን ሪሞት ያዢ።

4. ጉብታዋን በጣትሽ ፈልጊ። አንዴ ተጫኚና ልቀቂ።

ስክሪኑ ላይ ዝርዝር ይመጣል።

5. ቀስቱን ቀስ እያልሽ ተጫኚ። HDMI 1 ሲደምቅ አቁሚ።

ፎቶው ላይ የከበብኩት ነው። TV የሚለውን አትምረጪ።

ዝርዝሩ ከጠፋብሽ ወደ 4 ተመለሺ።

6. በቀዩ ሪሞት OK ተጫኚ። እጅሽን አንሺ። እስከ 10 ቁጠሪ።

ምስሉ ይመጣል።

7. ካልመጣ ከ4 ጀምሪ። አንድ ጊዜ ብቻ።

አሁንም ካልመጣ ተዪው፣ ደውዪልኝ። ቁጥሬ፦ ________

አትንኪ፦ MENU። ገመድ። ዲሹ።

---

ስልክ ቁጥሩ በ40 መጠን ይሁን። «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚለውን ደግሞ አታውጡት፤ እሱ ከሌለ ወላጅ ሰዓቱን ሙሉ ሲደጋግም ይቆይና በንዴት MENU ውስጥ ይገባል።

አንዳንድ ቲቪ ላይ ቀስት አይሠራም፤ SOURCE በተጫነ ቁጥር ምርጫው አንድ እርምጃ ይወርድና ትንሽ ሲቆይ ራሱ ይገባል። የእናንተ እንዲህ ከሆነ 5 እና 6ን አውጡና «HDMI 1 እስኪደምቅ ጉብታዋን አንድ አንድ እያልሽ ተጫኚ፤ ሲደምቅ እጅሽን አንሺ» በሉ። አስቀድማችሁ በእጃችሁ ሞክሩት። ሁለቱን ዓይነት አንድ ወረቀት ላይ አትጻፉ።

## 6. አበላሽታችሁ ስጧት

ወረቀቱን ሰጥታችሁ አትሂዱ። ቡና እስኪፈላ ድረስ ይበቃል። ሳትነግሯት መግቢያውን ወደ USB ቀይሩና ወረቀቱን ስጧት። ከዚያ እጃችሁን አጣጥፉ። አትናገሩ፣ በጣትም አትጠቁሙ። ከባድ ነው፤ እኔ ሁለት ጊዜ አፌን ልከፍት ነበር።

የኔን እናት ያየሁት እንዲህ ነው። 1 እና 2ን ደህና አለፈች። 3 ላይ ቀዩን ሪሞት አነሳች፤ ነጩን ግን አላስቀመጠችም ነበር፣ ወረቀቱ አስቀምጪ አላላትም። 6 ላይ OK ስትጫን በግራ እጇ የያዘችውን የነጩን OK ተጫነች። HDMI 1 ደምቆ ቆየና ዝርዝሩ ጠፋ፣ ምስሉም አልመጣም። «አልሠራም» አለችኝ፤ ልክ ነበረች። ያን ቀን ነው «ነጩን ሪሞት አስቀምጪ» እና «በቀዩ ሪሞት» የሚሉት ቃላት የገቡት። ቆም ያለችበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉና ወረቀቱን አስተካክሉ።

ሁለተኛውን ሙከራ ሪሲቨሩን አጥፍታችሁ፣ መግቢያውንም AV ላይ አድርጋችሁ አድርጉት፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ነው ሰው የሚጠፋው። ሦስተኛውን በማግሥቱ ጠዋት፣ ትናንት የተደረገው ከተረሳ በኋላ።

## 7. ደረጃው ካልሠራ

ቀዩ ወይም ነጩ ሪሞት ምንም ካላደረገ። መጀመሪያ ዳንቴሉን እዩ። እናቴ ቲቪው ላይም ሪሲቨሩ ላይም ዳንቴል ታለብሳለች፤ የሪሲቨሩ ጫፉ ወርዶ ዓይኑን ሸፍኖት አግኝቻለሁ። የሪሞቱን ጨረር የሚቀበለው ከፊት ያለው ጥቁር ክፍል ነው፤ ይገለጥ። ከዚያ ባትሪ ድንጋዩን ቀይሩ፣ ሁለቱንም በአንዴ። ሪሞቱ መሥራቱን ለማየት የስልክ ካሜራ ክፈቱና የሪሞቱን አፍንጫ ወደ ካሜራው አዙራችሁ ቁልፍ ተጫኑ፤ በዓይን የማይታየው ጨረር ስክሪኑ ላይ ነጭ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ብልጭ ይላል። የኋላው ካሜራ ካላሳያችሁ በፊተኛው ሞክሩ።

ሪሞቱ ጨርሶ ከጠፋ ወይም ከሞተ። ብዙ ቲቪ ከታች መሐል ላይ ወይም ከኋላ ጥግ ላይ የራሱ ቁልፍ አለው። ይህን ለጎረቤት ልጅ ነው የምትነግሩት እንጂ እናት ቲቪ አቅፋ ከኋላ እንድትዳብስ አታድርጉ።

አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ከታየ ወይም Auto Tuning የሚል ከመጣ። TV የሚለው ተመርጧል። EXIT ይጫኑና ከ4 ይጀምሩ። ፍለጋው ቢጀመርም የሪሲቨሩን ጣቢያዎች አያጠፋም፤ ቲቪው በራሱ አንቴና የሚፈልገው ሌላ ነው። የሚያስፈራው በነጩ ሪሞት MENU ገብቶ Factory Reset መንካት ነው፤ ያኔ የጣቢያው ዝርዝር እንዳለ ይጠፋል። ወረቀቱ MENU አትንኪ የሚለው ለዚህ ነው።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ። ሪሲቨሩ ቀይ ላይ ሊቀር ይችላል፤ 1 ያንን ይፈታዋል። በርቶም፣ HDMI 1 ላይ ሆኖም «No Signal» ካለ ሁለቱ መሣሪያዎች አልተገናኙም። ቲቪውን በሪሞት አጥፍቶ እስከ 10 ቆጥሮ ማብራት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ማከፋፈያውን ከግድግዳው ማጥፋት፣ አንድ ደቂቃ መጠበቅ፣ እንደገና ማብራት።

ሁሉም ትክክል ሆኖ እምቢ ካለ። ገመዱ ላልቷል። ቲቪ ሲወለወል ትንሽ ይወጣል። ሁለቱም ጠፍተው ሳለ ዓይኑ ደህና የሆነ አንድ ሰው ገፋ አድርጎ ይሰካው። ቀዳዳው ሌላ ከሆነ ያው ወረቀቱ ውሸት ይሆናል፤ ወደ HDMI 1 ይመለስ።

ድምፅ እያለ ምስል ከሌለ። ይህ የመግቢያ ችግር አይደለም። ሦስት ገመድ ያለው ቤት ከሆነ ቢጫው ወልቋል። HDMI ከሆነ የቤቱን መብራት አጥፉና የስልክ ባትሪ ስክሪኑ ላይ አብሩ፤ ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ከታየ የስክሪኑ የውስጥ መብራት ሞቷል፤ እሱ የቲቪ ጠጋኝ ሥራ ነው። SOURCE ሲነካካ አይዋል።

## 8. የት ይቀመጥ፣ በስልክ እንዴት ይጠየቅ

መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት። የእኛው ከቲቪው ጎን ግድግዳው ላይ፣ እናቴ ስትቀመጥ ዓይኗ ትይዩ በሚሆንበት ቦታ በምስማር ተሰቅሏል። ወደ ሶፋው ወስዳ እንድታነበው ከምስማሩ በቀላሉ የሚወጣ ይሁን። ሁለተኛ ቅጂ ለጎረቤት ስጡ። የወረቀቱን ፎቶ ደግሞ እናንተ ስልክ ውስጥ ያዙ።

ሲደወልላችሁ «ምን ሆነ?» አትበሉ። «ቁጥር ስንት ላይ ነሽ?» በሉ። «4 ላይ» ካለች ያላችሁት አንድ ቦታ ነው፤ ሪሞቱ ቀይ መሆኑን ጠይቁ፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ከላይ ወደ ታች ታንብብላችሁ። ፊደሉን ካላወቀችው ቅርጹን ትናገር፤ እናቴ H ን «መሰላል» ትለዋለች፣ ይበቃኛል።

ቲቪ ሲቀየር፣ ሪሲቨር ሲቀየር፣ ወይም ሠራተኛ መጥቶ ገመድ ከነካ ገመዱን ከማየት ጀምራችሁ እንደገና እዩት። ከወረቀቱ ግርጌ የታተመበትን ቀን ጻፉ። አዲሱን ስትሰቅሉ አሮጌውን ቀዳችሁ ጣሉት፤ የጎረቤት ቅጂውንም አብራችሁ ቀይሩ።